ከአንድ የሂስቶግራም ስክሪንሾት አማካዩን፣ ሞዱንና ከወሰን በላይ ያለውን ድርሻ እንዴት ማስላት ይቻላል?

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ኦልድ ፌዝፉል የተሰኘው ፍል ውሃ በየጊዜው ወደ ሰማይ እየተስፈነጠረ ጎብኚዎችን ያስደምማል። በአንዱ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል ያለው የጥበቃ ጊዜ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት የተመዘገቡ 272 የጥበቃ ጊዜያት ዛሬ አር ከተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ጋር አብረው ይሠራጫሉ። በዚህም ምክንያት የእነዚህ ቁጥሮች ሂስቶግራም በመማሪያ መጻሕፍት፣ በማስተማሪያ ስላይዶችና በማኅበራዊ መገናኛዎች ደጋግሞ ይታያል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ተመልካቹ እጅ የሚገባው ምስሉ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ አብሮ አይመጣም። ታዲያ ከምስሉ ብቻ ተነሥቶ አማካዩ ስንት እንደሆነ፣ በብዛት የሚደጋገመው የትኛው እንደሆነና ከአንድ ወሰን በላይ የሚውለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይቻላል? በጥሩ ግምት ይቻላል። ግምቱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችልም ከምስሉ ከራሱ ማስላት ይቻላል። የኦልድ ፌዝፉል ቁጥሮች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ከምስሉ የተገኘውን ግምት ከትክክለኛው መልስ ጋር ማነጻጸር ስለሚቻል ነው።

የዓምዶቹን ቁመት መለካት

ሂስቶግራም በአግድሙ ዘንግ ላይ የተከታታይ መደቦችን፣ በቋሚው ዘንግ ላይ ደግሞ በየመደቡ የወደቁትን ምልከታዎች ብዛት ያሳያል። የኦልድ ፌዝፉል ምስል ከ40 እስከ 100 ደቂቃ የተዘረጋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዓምድ የአምስት ደቂቃ ስፋት አለው። የመጀመሪያው ሥራ የእያንዳንዱን ዓምድ ቁመት ወደ ቁጥር መለወጥ ነው።

ይህን በዓይን ብቻ ከመገመት ይልቅ ምስሉን በማንኛውም የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ ፒክስል መቁጠር ይሻላል። ለምሳሌ በቋሚው ዘንግ ላይ የዜሮ መስመር በ520ኛው ፒክስል ላይ፣ የ50 ምልክት ደግሞ በ120ኛው ፒክስል ላይ ይገኛል እንበል። በምስል ፋይሎች ውስጥ ፒክስል የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደ ታች ሲወርድ መጨመሩ ሊያደናግር አይገባም። በሁለቱ መካከል 400 ፒክስል አለ፤ ስለዚህ አንድ ምልከታ 8 ፒክስል ነው ማለት ነው። የረጅሙ ዓምድ ጫፍ በ80ኛው ፒክስል ላይ ከሆነ፣ ከዜሮው መስመር 440 ፒክስል ይርቃል፤ ለ8 ሲካፈል 55 ይሆናል።

በዚህ መንገድ የአሥራ ሁለቱም ዓምዶች ቁመት ሲነበብ የሚከተለው ይገኛል፦

- ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፦ 4
- ከ45 እስከ 50፦ 22
- ከ50 እስከ 55፦ 33
- ከ55 እስከ 60፦ 24
- ከ60 እስከ 65፦ 14
- ከ65 እስከ 70፦ 10
- ከ70 እስከ 75፦ 27
- ከ75 እስከ 80፦ 54
- ከ80 እስከ 85፦ 55
- ከ85 እስከ 90፦ 23
- ከ90 እስከ 95፦ 5
- ከ95 እስከ 100፦ 1

ድምሩ 272 ነው። በምስሉ ግርጌ የምልከታዎቹ ብዛት ተጽፎ ከሆነ፣ ይህ ድምር የንባቡ የመጀመሪያ ፈተና ነው። የተጻፈው 272 ሆኖ የተነበበው 240 ቢመጣ፣ አንድ ዓምድ ተዘልሏል ወይም የቋሚው ዘንግ በተሳሳተ መንገድ ተነብቧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ቁም ነገር አለ። ለአማካይና ለድርሻ ስሌት የዓምዶቹ ትክክለኛ ብዛት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቁመታቸው እርስ በርስ ያለው ንጽጽር ብቻ ነው። ስክሪንሾቱ ሲቆረጥ የቋሚው ዘንግ ቁጥሮች ቢጠፉ እንኳ፣ የፒክስል ቁመቶቹን እንዳሉ መጠቀም ይቻላል፤ በ8 የተባዙት ቁመቶች በ8 ለተባዛ ድምር ሲካፈሉ መልሱ አይለወጥም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ዓምዶቹ ከዜሮ መነሣት አለባቸው። ሠዓሊው ቋሚውን ዘንግ ከ20 ቢያስጀምረው፣ 55 ምልከታ የያዘው ዓምድ 35፣ 27 የያዘው ደግሞ 7 መስሎ ይታያል። በእውነት ሁለት እጥፍ የነበረው ልዩነት አምስት እጥፍ ሆኖ ዓይንን ያሳስታል፤ ከ20 በታች የሆኑት ዓምዶችም ጭራሽ ይጠፋሉ።

አማካዩ፦ ከዓምዶቹ መሐል

ምስሉ በአንድ መደብ ውስጥ ያሉት ምልከታዎች በትክክል የት የት እንደወደቁ አይነግርም። ስለዚህ የተለመደው ዘዴ ሁሉም በመደቡ መሐል ላይ እንዳሉ መቁጠር ነው። በመጀመሪያው መደብ ያሉት 4 ምልከታዎች እያንዳንዳቸው 42.5 ደቂቃ፣ በሁለተኛው ያሉት 22ቱ እያንዳንዳቸው 47.5 ደቂቃ እንደሆኑ ይወሰዳል። 42.5 በ4 ሲባዛ 170፣ 47.5 በ22 ሲባዛ 1,045 ይሆናል። እስከ መጨረሻው ዓምድ በዚሁ ተቀጥሎ ሲደመር 19,130 ይመጣል። ይህ ለ272 ሲካፈል 70.3 ደቂቃ ይሆናል።

ይህ ግምት ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል? አንድም ምልከታ ከመደቡ መሐል ከ2.5 ደቂቃ በላይ ሊርቅ አይችልም፤ ስለዚህ እውነተኛው አማካይ ከ67.8 በታች ወይም ከ72.8 በላይ ሊሆን አይችልም። ይህ ዋስትና ያለው ገደብ ነው። በተግባር ግን ስሕተቱ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ በአንዱ መደብ ወደ ግራ ያዘነበሉት በሌላው መደብ ወደ ቀኝ ካዘነበሉት ጋር ስለሚጣፉ ነው።

ከዋናዎቹ ቁጥሮች የሚሰላው እውነተኛ አማካይ 70.9 ደቂቃ ነው። ግምቱ በግማሽ ደቂቃ ገደማ አንሷል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ምክንያቱ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ ይህ የአጋጣሚ ስሕተት ሳይሆን በሁሉም ዓምድ ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚደገም ነውና።

የጥበቃ ጊዜያቱ የተመዘገቡት በሙሉ ደቂቃ ነው። አር የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ በተለመደው አሠራሩ በወሰኑ ላይ የወደቀን ቁጥር ከግራው ዓምድ ጋር ይቆጥራል። ስለዚህ ከ75 እስከ 80 የተባለው ዓምድ በእርግጥ የያዘው 76፣ 77፣ 78፣ 79 እና 80 ደቂቃዎችን ነው። የእነዚህ መሐል 77.5 ሳይሆን 78 ነው። በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ግማሽ ደቂቃ ሲጨመር አማካዩ 70.8 ይሆናል፤ ከእውነተኛው ጋር ያለው ልዩነትም ከአንድ ደቂቃ አንድ አሥረኛ በታች ይወርዳል።

ማትፕሎትሊብ የተባለው የፓይተን ሥዕል መሥሪያ በተቃራኒው በወሰን ላይ የወደቀውን ቁጥር ለቀኙ ዓምድ ይሰጣል። በእርሱ አሠራር ያው ዓምድ ከ75 እስከ 79 ያሉትን ደቂቃዎች ይይዛል፤ መሐሉም 77 ይሆናል። ያንኑ መረጃ በእነዚያው መደቦች በሁለቱ መሣሪያዎች ሥሎ በዓምዶቹ መሐል የሚያሰላ ሰው ከአንደኛው 70.3፣ ከሌላኛው 71.3 ያገኛል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚሻ አንባቢ በአር ውስጥ ሁለቱን አሠራሮች እንዲህ ማነጻጸር ይችላል፦

```
hist(faithful$waiting)
hist(faithful$waiting, right = FALSE)
mean(faithful$waiting)
```

ከስክሪንሾቱ የትኛው አሠራር እንደተከተለ ካልታወቀ፣ ሐቀኛው መልስ «ወደ 70.3 ደቂቃ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ» የሚል ነው። መለኪያው ሙሉ ቁጥር ሳይሆን እንደ ክብደት ወይም ርዝመት በክፍልፋይ የሚነበብ ከሆነ ግን፣ ልክ በወሰኑ ላይ የሚወድቅ ምልከታ ስለሚያንስ ይህ ችግር ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ሞዱ፦ ረጅሙ ዓምድ ሁልጊዜ አይታመንም

ሞድ በብዛት የተደጋገመው ዋጋ ነው። ከሂስቶግራም ሲነበብ ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ረጅሙ ዓምድ ይጠቁማል። በዚህ ምስል ረጅሙ ከ80 እስከ 85 ያለው ነው፤ 55 ምልከታዎች አሉት። ጎረቤቱ 54 ስላለው የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው።

በስታትስቲክስ ኮርሶች የሚሰጠው የተለመደ ቀመር ይህን ንጽጽር ይጠቀማል። ረጅሙ ዓምድ ከግራ ጎረቤቱ በ1፣ ከቀኝ ጎረቤቱ ደግሞ በ32 ይበልጣል። የሁለቱ ልዩነቶች ድምር 33 ነው። ስለዚህ ሞዱ ከመደቡ መነሻ ከ80 ተነሥቶ የመደቡን ስፋት አንድ ሠላሳ ሦስተኛ ብቻ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መልሱ 80.15 ደቂቃ ይሆናል። የቀመሩ ሐሳብ ቀላል ነው፤ የትልቁ ዓምድ ጫፍ ከፍ ወዳለው ጎረቤት ያዘነብላል።

በዋናው መረጃ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ዋጋ 78 ደቂቃ ሲሆን 15 ጊዜ ተመዝግቧል። ይህም ማለት እውነተኛው ሞድ በረጅሙ ዓምድ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ያለው በጎረቤቱ ነው። መደቦቹን ወደ አሥር ደቂቃ ማስፋት ደግሞ አሸናፊውን ይለውጠዋል። ከ70 እስከ 80 ያሉት ሁለት ዓምዶች ሲጣመሩ 81፣ ከ80 እስከ 90 ያሉት ሲጣመሩ ደግሞ 78 ይሆናሉ። መረጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዓምዱ ስፋት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት፣ ሁለት ጎረቤት ዓምዶች በጥቂት ምልከታዎች ብቻ ሲለያዩ ሞዱን እንደ አንድ ነጥብ ሳይሆን እንደ አካባቢ መግለጽ እንደሚሻል ነው። «ከ75 እስከ 85 ደቂቃ ባለው ውስጥ» የሚለው መልስ የዓምዶቹ አሳሳል ቢለወጥም ይጸናል፤ «80.15» የሚለው ግን ምስሉ የማይሸከመውን ትክክለኛነት ይጭንበታል።

በዚህ ምስል ላይ ግን ከሞዱ ትክክለኛ ቦታ የሚበልጥ ነገር አለ። ከ50 እስከ 55 ባለው ላይ 33 ምልከታዎች ያሉት ሌላ ጉብታ ይታያል፤ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ ከ65 እስከ 70 ባለው ላይ፣ 10 ብቻ የያዘ ሸለቆ አለ። ይህ የመለኪያ ስሕተት አይደለም። ፍል ውሃው ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲፈነዳ በከርሰ ምድር ቱቦው ውስጥ ብዙ ሙቅ ውሃ ይቀራል፤ ስለዚህ ለቀጣዩ ፍንዳታ ቶሎ ይዘጋጃል። ለረጅም ጊዜ ሲፈነዳ ደግሞ ውሃውም ሙቀቱም በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ እንደገና ለመሙላትና ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የፓርኩ ጠባቂዎች ቀጣዩን ፍንዳታ የሚተነብዩትም ያለፈው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ተመልክተው ነው።

አማካዩ 70.9 የወደቀው በሁለቱ ጉብታዎች መካከል፣ በሸለቆው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። በወቅቱ «አማካዩ 71 ደቂቃ ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ምሳ ሊበላ የሄደና ከ65 ደቂቃ በኋላ የተመለሰ ጎብኚ ምን ይገጥመው ነበር? እስከ 65 ድረስ ያሉት አምስት ዓምዶች ድምር 97 ነው፤ ከ272 ውስጥ 36 በመቶ ገደማ። ከሦስት ጊዜ ከአንድ በሚበልጠው ፍንዳታው አምልጦት ያገኘዋል። ዛሬ የኦልድ ፌዝፉል የጥበቃ ጊዜ ከዚያ ዘመን ረዝሟል፤ ስለዚህ የአሁን ጎብኚ በእነዚህ ቁጥሮች ሊመራ አይገባም። ይህ የ36 በመቶ ስሌት ግን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያሻግራል።

ከወሰን በላይ ያለው ድርሻ

ወሰኑ ልክ በሁለት ዓምዶች መጋጠሚያ ላይ ሲወድቅ ሥራው መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። ከ70 ደቂቃ በላይ ያሉት ስድስት ዓምዶች ድምር 165 ነው፤ ለ272 ሲካፈል 60.7 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ግምት የለም፤ ቁመቶቹ በትክክል ከተነበቡ መልሱም ትክክል ነው።

ወሰኑ በአንድ ዓምድ መካከል ሲወድቅ ግን ዓምዱን መክፈል ያስፈልጋል። ከ77 ደቂቃ በላይ የጠበቁት ምን ያህል እንደሆኑ ቢጠየቅ፣ ሥራው በሦስት ደረጃ ይሄዳል።

በመጀመሪያ እርግጠኛው ክፍል ይቆጠራል። ከ80 በላይ ያሉት ዓምዶች ድምር 84 ነው፤ ይህም 30.9 በመቶ ነው። እውነተኛው መልስ ከዚህ ሊያንስ አይችልም። ቀጥሎ የተቆረጠው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ቢጨመር 84 እና 54 ተደምረው 138፣ ማለትም 50.7 በመቶ ይሆናሉ። መልሱ ከዚህም ሊበልጥ አይችልም። በመጨረሻም በዓምዱ ውስጥ ምልከታዎቹ በእኩልነት የተዘረጉ ናቸው ተብሎ ይከፈላል። ከ77 እስከ 80 ያለው ሦስት ደቂቃ ከአምስቱ ደቂቃ 60 በመቶው ነው፤ የ54 ምልከታዎች 60 በመቶ ደግሞ 32.4 ነው። ከ84 ጋር ተደምሮ ለ272 ሲካፈል 42.8 በመቶ ይመጣል። በዋናው መረጃ 78፣ 79 እና 80 ደቂቃ የተመዘገቡት 33 ስለሆኑ፣ እውነተኛው መልስ 43.0 በመቶ ነው።

ይህ ግምት በጣም የቀረበው በዚያ አካባቢ ዓምዶቹ ከፍታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። ዓምዶቹ ቁልቁል በሚወርዱበት ቦታ ግን ዘዴው በአንድ አቅጣጫ ይስታል። በሚወርድ ተዳፋት ላይ ባለ ዓምድ ውስጥ ብዙዎቹ ምልከታዎች በግራ፣ ማለትም በዝቅተኛው በኩል ይሰበሰባሉ፤ እኩል ክፍፍል ደግሞ ከወሰኑ በላይ ያለውን ያጋንናል። በሚወጣ ተዳፋት ላይ ስሕተቱ ወደ ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ የተቆረጠው ዓምድ ጎረቤቶች ምን እንደሚመስሉ ማየት ግምቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል ይነግራል።

ሁለተኛው ወጥመድ የቃል ነው። «ከ77 በላይ» እና «77 እና ከዚያ በላይ» አንድ አይደሉም። ልክ 77 ደቂቃ የተመዘገቡት 12 ናቸው፤ እነርሱ ሲካተቱ ድርሻው ከ43.0 ወደ 47.4 በመቶ ይዘላል። በሙሉ ቁጥር በሚመዘገብ መረጃ ላይ አንዲት ቃል ከአራት መቶኛ ነጥብ በላይ ለውጣለች።

ይህ ልዩነት በሌላ ቦታ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማሰብ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤታቸው ከተገለጸው 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወሰኑ በተዳፋቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከምስል ላይ አንድ መቶኛ ነጥብ መሳት ወደ 9,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን አላግባብ መጨመር ወይም መቀነስ ነው። ለአማካይ ግምት ቸል የሚባለው የፒክስል ስሕተት በዚህ ጫፍ ላይ መልሱን በሙሉ ሊያዛባው ይችላል፤ እዚያ ያሉት ዓምዶች አጫጭር ስለሆኑ አንድ ፒክስል እንኳ የቁመታቸው ትልቅ ክፍል ነውና።

ስሌቱ የማይሠራባቸው ምስሎች

ሦስት ዓይነት ምስሎች ከላይ የተገለጸውን መንገድ ያደናቅፋሉ። የመጀመሪያው ዓምዶቹ እኩል ስፋት የሌላቸው ነው። በዚህ ጊዜ በቋሚው ዘንግ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ብዛት ሳይሆን ጥግግት ስለሆነ፣ በየዓምዱ ያለውን ድርሻ ለማግኘት ቁመቱን በስፋቱ ማባዛት ይገባል። ረጅምና ቀጭን የሆነው ዓምድ አጭርና ሰፊ ከሆነው ያነሰ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው የመጨረሻው ዓምድ ክፍት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ «90 እና ከዚያ በላይ» ተብሎ ሲጻፍ። የዚህ ዓምድ መሐል አይታወቅም፤ ስለዚህ አማካዩን ያለ ተጨማሪ መረጃ ማስላት አይቻልም። ወሰኑ ከ90 በታች እስከሆነ ድረስ ግን ከወሰን በላይ ያለው ድርሻ አይነካም፤ በዓምዱ ውስጥ ያሉት የቱንም ያህል ቢርቁ ከወሰኑ በላይ መሆናቸው የታወቀ ነውና።

ሦስተኛው ቋሚው ዘንግ በሎጋሪዝም ሲሠራ ነው። በዘንጉ ላይ 1፣ 10፣ 100፣ 1,000 በእኩል ርቀት ተጽፈው ከታዩ ምልክቱ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ምስል ላይ የፒክስል ቁመትን በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም፤ እያንዳንዱን ቁመት በቅድሚያ ወደ ብዛት መመለስ ግዴታ ነው። የዘንጉ ቁጥሮች በስክሪንሾቱ ተቆርጠው ከቀሩ ደግሞ ምስሉ በእኩል ልኬት ይሠራ በሎጋሪዝም የሚለይበት መንገድ ስለሌለ፣ ከዚያ ምስል ላይ ሊነበብ የሚችለው የትኛው ዓምድ ከየትኛው እንደሚበልጥ ብቻ ነው።